በክረምት ስለማይዘጋ መስኮት

ክረምት ከገባ ከአንድ ወር በኋላ፥ በአዲስ አበባ የእንጨት መስኮት ባላቸው ቤቶች ማታ ማታ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ይኸውም አልዘጋም ያለውን መስኮት በመዳፍ ወይም በክርን፥ አንዳንድ ጊዜም በጫማ ተረከዝ እየመቱ ወደ መቃኑ የማስገባት ድምፅ ነው። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከተደረገ በኋላ አናጢ ይጠራል፤ አናጢውም መላጊያውን ይዞ ይመጣል፤ የመዝጊያውን ጠርዝ ይልጋል፤ መስኮቱም ለጊዜው ይዘጋል። የቤቱ ጌታም ገንዘቡን ከፍሎ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

እኔ ግን ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት መላጊያው ከመምጣቱ በፊት ስለሚጠየቀው ጥያቄ ነው። የማይዘጋ መስኮት ምልክቱ አንድ ሲሆን ሕመሙ ሦስት ዓይነት ነው፤ ወይ እንጨቱ አብጧል፤ ወይ ማጠፊያው ላልቶ መዝጊያው ወርዷል፤ ወይም ደግሞ መስኮቱ ምንም ሳይሆን መቃኑን የያዘው ግድግዳ ከቦታው ተነቃንቋል። ፊተኛው በትዕግሥት፥ ሁለተኛው በብሎን መፍቻ ይድናል። ሦስተኛው ግን የመስኮት ነገር አይደለም፤ የቤቱ የራሱ ነገር ነው። ይህን ሳይለዩ መላግ፥ የራስ ምታት ላለበት ሰው ሁሉ ጥርሱን እንደ መንቀል ያለ ሕክምና ነው።

ስለ ማበጡ ልጀምር። እንጨት ከተቈረጠና ከደረቀ በኋላም ቢሆን ከአየሩ ውሃ መጠጣትና መልሶ መተንፈስ አይተውም። በጥር ወር በቤታችን ያለው የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ከመቶ 10 ግድም ውሃ ቢይዝ፥ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 15 ወይም ወደ 16 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ያድጋል፤ ነገር ግን የሚያድገው በወርዱ ነው እንጂ በቁመቱ አይደለም። በቁመቱ የሚጨምረው ከቍጥር የሚገባ አይደለም። በወርዱ ግን እንደ እንጨቱ ዓይነት ከመቶ 1 ተኩል ያህል ይጨምራል።

ይህ ጥቂት ይመስላል፤ እስቲ በአንድ መስኮት ላይ እንቍጠረው። መስታወት ያለበት ሁለት ተካፋች መስኮት፥ በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ ሁለት ሁለት ቋሚ እንጨቶች አሉት። የቋሚው ወርድ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በክረምት አንዱ ቋሚ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ያድጋል፤ አራቱ ሲደመሩ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ። መስታወቱ አያድግም፤ ቋሚዎቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎችም በዚያ አቅጣጫ በቁመታቸው ስለ ተጋደሙ አያድጉም። አናጢው ሲሠራው በግራ፥ በቀኝና በመካከል የተወው ክፍተት በድምሩ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፥ ክረምቱ ያን ሁሉ በላው ማለት ነው። መስታወት የሌለበት፥ በሙሉ ከሳንቃ የተገጠመ መዝጊያ ከሆነማ የባሰ ነው፤ ወርዱ እንዳለ እንጨት ስለ ሆነ፥ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንዱ መዝጊያ ብቻውን ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። አያቶቻችን የሳንቃውን መስኮት ሰፋ አድርገው ክፍተት የተዉለት እጃቸው ሻካራ ስለ ነበረ አይመስለኝም።

እንግዲህ በሐምሌ ያበጠውን 3 ሚሊ ሜትር ብንልገው፥ በታኅሣሥ እንጨቱ ያበጠውን መልሶ ይሸበሸባል፤ የላግነው ግን አይመለስም። በዚያ ላይ መላጊያው ቀለሙን ገፍፎ ጥሬውን እንጨት ስላወጣው፥ በሚመጣው ክረምት ከፊተኛው የበለጠ ውሃ ይጠጣል፤ እንደገናም ይላጋል። በየዓመቱ እንዲህ ሲላግ ከርሞ በበጋ ነፋስና አቧራ የሚያሳልፍ፥ በክረምት ደግሞ የማይዘጋ መስኮት አይቻለሁ። ስለዚህ ያበጠ መስኮት በክረምት የሚገባው መድኃኒት ጥቂት ነው፤ የሚፋተገውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ሻማ ማሸት፥ በኃይልም አለመምታት። መምታቱ የማእዘኑን መጋጠሚያ ያላቅቀዋልና። መላጉ ለበጋ ይቈይ።

ያበጠ መሆኑ በምን ይታወቃል? ያበጠ መስኮት ጠርዙን ከላይ እስከ ታች እኩል ይፋተጋል፤ ቀለሙም በዚያው መጠን ተፍቆ ይታያል። ሁሉን የሚበልጠው ጥያቄ ግን «በጥር ይዘጋል ወይ?» የሚለው ነው። በጥር ያለ ችግር የሚዘጋ፥ በሐምሌ የሚያስቸግር ከሆነ፥ ሕመሙ የአየሩ ውሃ ነው። በሐምሌም በጥርም የማይዘጋ ከሆነ ግን እንጨቱን መውቀስ ይቅር።

የማጠፊያ ሕመም እንዲህ አይደለም። የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ሲላላ መዝጊያው በራሱ ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ በማጠፊያው በኩል ከላይ እንደ ሽብልቅ ያለ ክፍተት ይታያል፤ በፊት ለፊት ደግሞ የመዝጊያው የታችኛው ማእዘን የመስኮቱን ደፍ ይነካል። መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ከፍቶ ጫፉን በእጅ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ብሎኑ እየተንቀጠቀጠ ከፍ ዝቅ ካለ ነገሩ ተገኘ። ብሎኑን አውጥቶ፥ ቀዳዳውን ኮላ በተቀባ የክብሪት እንጨት ሞልቶ፥ ኮላው ከደረቀ በኋላ ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ነው። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። በዚህ ፈንታ ብዙ ሰው የሚያደርገው መቀርቀሪያው የሚገባበትን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት ነው፤ ይህም ለጊዜው ይዘጋል እንጂ መዝጊያው መውረዱን አይተውም፤ ቀዳዳውም በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ በራሳችን ቤት የደረሰ ነውና በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

የአባቴ ቤት በአዲስ አበባ፥ በእንጨት ቋሚና በማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ፥ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ነው። ስድስት መስኮቶች አሉት፤ ሁሉም የዝግባ እንጨት ናቸው። በ2016 ዓ. ም. ሐምሌ ወር ከስድስቱ አምስቱ አልዘጋ አሉ። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፤ ስድስቱንም ነቅለን በአሉሚኒየም ተንሸራታች መስኮት እንለውጣቸው» አሉ፤ ዋጋም አስጠይቀው ነበር። በአንደኛው ክፍል የሚተኙት አክስቴ ግን አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ስለ ሆነ፥ ክፍተቱን በነጠላ ቁራጭ ወትፈው ሌሊቱን ያስላቸው ነበር። ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ ቢባሉም እንቢ አሉ። ከዚያ መስኮት የደብሩ ጕልላት ስለሚታይ፥ ጠዋት ሲነሡ ተሳልመው ነውና ቀናቸውን የሚጀምሩት።

አናጢው በመጣ ጊዜ መላጊያውን ከማውጣቱ በፊት አክስቴን «በጥር ይዘጋልዎት ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ በጥምቀትም ሞክሬው አልዘጋም ብሎኛል፤ ዘንድሮ ብቻ አይደለም፥ አምናም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። አናጢው ይህን ሲሰማ መላጊያውን አስቀመጠና «እንግዲያውስ ጠመኔ ይምጣልኝ» አለ። በዕድሜው የገፋ፥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረ።

በቀኙ መዝጊያ ላይ ያለውን የመቀርቀሪያ ጫፍ በጠመኔ ቀባው፤ ሁለቱንም መዝጊያ እስከሚቻል ገፍቶ መቀርቀሪያውን ወረወረው። ከፍቶ ሲያየው ነጩ ምልክት በግራው መዝጊያ ላይ ከቀዳዳው በታች አንድ ጣት ያህል ወርዶ ተገኘ። በሜትር ሲለካ 18 ሚሊ ሜትር ነው። እንጨት ቢያብጥ ምልክቱ ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ ይህን ያህል ወደ ታች አይወርድም። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አነሣ፤ አንዱም አልተነቃነቀም።

ቀጥሎ የተፋቀውን ቀለም ተመለከትን፤ ነገሩንም የገለጠልን ይህ ነው። የግራው መዝጊያ በመካከል በኩል ባለው ማእዘኑ ከላይ ተፍቋል፤ የቀኙ ደግሞ በመካከል በኩል ከታች ተፍቋል። አንዱ ጣራውን፥ አንዱ ደፉን ይገፋል ማለት ነው። ማጠፊያ የላላበት መዝጊያ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚገፋ የለም። ሁለት መዝጊያዎች አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከተፋቁ፥ መዝጊያዎቹ በቦታቸው ቆመው መቃኑ ከሥራቸው ዘምሟል ማለት ነው።

ይህንንም በሜትር አረጋገጥነው። ማእዘኑ ትክክል የሆነ መቃን ከማእዘን ወደ ማእዘን በአሻጋሪ ሲለካ ሁለቱ ልኮች እኩል ይሆናሉ። የእኛ መቃን ወርዱ 1 ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ በአንዱ አሻጋሪ 157 ሳንቲ ሜትር ከ6፥ በሌላው 154 ከ8 ሆነ። መዝጊያዎቹ ግን ለየብቻ ሲለኩ እኩል ነበሩ። በደፉ ላይ ውሃ ልክ ሲቀመጥም ቀኙ በኩል በ18 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ልክ ጠመኔው እንዳመለከተው።

በጭቃ ቤት መቃን የሚቸነከረው ግራና ቀኝ ካሉት ቋሚዎች ጋር ነው። ቀኙ ከወረደ ቀኙን የያዘው ቋሚ ወርዷል። አናጢው ከመስኮቱ በታች፥ ከመሬቱ አጠገብ ያለውን ምርግ በጥቂቱ ፈለፈለና አክስቴን ወስፌ ጠየቃቸው። ከሙዳያቸው ያወጡትን የስፌት ወስፌ ወደ ቋሚው ቢገፋው፥ እንደ ቅቤ እስከ እጀታው ገባ። ደኅና እንጨት ቢሆን ጫፉን እንኳ በጭንቅ ነበር የሚያስገባው። በግራው ቋሚ ላይ ሞከረው፤ አልገባም።

አክስቴ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር የሚተኙት። ያን ዕለት ማታ አልጋቸው ወደ ማዶው ግድግዳ ተዛወረ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልተከራከሩም።

ቋሚው ስለ ምን በሰበሰ ብትሉ፥ ከመስኮቱ ደፍ የወረደ ውሃ ነው። ደፉ ከግድግዳው ውጭ ጥቂት ብቻ የወጣ ሲሆን፥ ከሥሩ ውሃውን የሚያንጠባጥብ መስመር አልተቈፈረለትም። እንዲህ ያለ ደፍ ላይ የወረደ ዝናብ ከጫፉ ላይ አይንጠባጠብም፤ በሥሩ በኩል ተመልሶ ግድግዳው ድረስ ይሳባል። ከደፉና ከምርጉ መካከል ባለው ስንጥቅም ይገባል፤ ጭቃውን እያራሰ ወደ ቋሚው እግር ይወርዳል። እንጨት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚበሰብሰው ከመሬት ገጽ አጠገብ፥ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ስፍራ ነው። ቋሚው ጥቂት ሲወርድ መስኮቱ አልዘጋ አለ፤ መስኮቱ አልዘጋ ሲል ደግሞ የበለጠ ውሃ ገባ። እንዲህ እየተመጋገቡ ስንት ዓመት እንደ ኖሩ ማን ያውቃል! በዚያ ዓመት ዘመዶቻችን እንዳሉት አሉሚኒየሙን ብናስገባው ኖሮ፥ አዲሱ መስኮት በበሰበሰው ቋሚ ላይ ይቸነከር ነበር።

ስለ አሉሚኒየሙ ካነሣሁ አይቀር፥ እርሱም ቢሆን ከሕመም ነጻ አይደለም። አያብጥም፤ ነገር ግን የሚንሸራተትበት ሐዲድ አቧራና አሸዋ ይሰበስባል፤ መንኰራኵሮቹም በዚያ ላይ እየዘለሉ ይበላሉ። ከሐዲዱ በውጭ በኩል ለዝናብ ውሃ መውጫ የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚህ በጭቃ ሲደፈኑ ሐዲዱ እንደ ገንዳ ይሞላና ውሃው ወደ ቤት ይፈስሳል። መድኃኒቱ በደረቅ ብሩሽ መጥረግና ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ መክፈት ነው። ዘይት ግን አይቀባ፤ ዘይት አቧራን ይይዛልና።

ወደ ቋሚው ልመለስ። ክረምቱ እስኪያልፍ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የጣሪያው ክብደት በሁለት ጠንካራ ባላ ተደገፈ። መስታወቱ እንዳይሰበር መዝጊያዎቹ ከማጠፊያቸው ወረዱ፤ በመስኮቱም ላይ ሸራ ተወጠረ። ከዚያ በኋላ የወረደው ቋሚ በባላው ሥር በተመቱ ሽብልቆች ጥቂት በጥቂት ተነሣ፤ በቀን ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ አላነሣነውም። በአንድ ቀን 18 ሚሊ ሜትር ቢነሣ ምርጉ ሁሉ በተሰነጣጠቀ ነበር። በአምስተኛው ቀን ውሃ ልኩ በደፉ ላይ ቀጥ አለ። የቋሚው የበሰበሰው እግር እስከ ደኅናው እንጨት ድረስ፥ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቈርጦ ወጣ፤ በእርሱም ፈንታ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይና የሲሚንቶ መሠረት ተሠርቶ ቋሚው በዚያ ላይ ዐረፈ። ደፉም ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ በአዲስ ተለወጠ፤ ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ገባ ብሎ በሥሩ መስመር ተቈፈረለት። በመጀመሪያው ዝናብ ዕለት ወጥቼ አየሁት፤ ውሃው ከመስመሩ ላይ እየተቈረጠ በቀጥታ ወደ መሬት ይንጠባጠብ ነበር።

መዝጊያዎቹ ተመልሰው ሲሰቀሉ ጠመኔው በቀዳዳው መካከል ዐረፈ። ከመዝጊያዎቹ ላይ አንድ ፍቅፋቂ አልወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን ልንገራችሁ። የእኛ ቋሚ ስለ በሰበሰ ነገሩ በአናጢ ተፈጸመ። ነገር ግን በመረሬ አፈር ላይ በተሠራ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ቤት፥ አፈሩ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረቱን ሲያነሣና ሲጥል፥ መቃን እንዲሁ ይዘምማል። ምልክቱም ከመስኮቱ ማእዘን ተነሥቶ በግድግዳው ላይ በአሻጋሪ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። በስንጥቁ ላይ ሁለት የእርሳስ ነጥቦች አድርጎ፥ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በወር በወር መለካት ይገባል። በክረምትና በበጋ እየጠበበና እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፥ አናጢም ግንበኛም ሳይሆን ስለ መሠረት የሚያውቅ መሐንዲስ ነው የሚጠራው።

ከቀሩት አራት መስኮቶች አንዱ ማጠፊያው የላላ ነበረ፤ በክብሪት እንጨትና በኮላ ተጠገነ። ሦስቱ ግን አብጠው ነበርና እስከ በጋ ድረስ በሻማ ተሸኙ። የሚፋተጉበትን ቦታ በእርሳስ አመልክቼ ነበር፤ በ2017 ዓ. ም. ታኅሣሥ ወር ስንመለከት ሁለቱ ማንም ሳይነካቸው በደንብ ይዘጉ ነበር፤ በየጎኑም አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍተት ስለ ነበራቸው፥ ክረምቱ የሚጠይቀውን ያህል በጥቂቱ ተላጉ። ሦስተኛው ከብዙ ዘመን የተደራረበ ቀለም ነበር ያጣበበው፤ በየመስቀሉ በላዩ ላይ ሲቀባ የኖረ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተፍቆ ተወ።

ሦስቱም ከማጠፊያቸው ወርደው በስድስቱም ገጻቸው ተቀቡ። ቀለም ቀቢዎች መዝጊያውን ሳያወርዱ ስለሚቀቡ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ጥሬውን ይቀራል፤ የቋሚዎቹ የተቈረጠ ጫፍ ያለውም እዚያ ነው፤ ያ ጫፍ ከጎኑ ብዙ እጥፍ ውሃ ይጠጣል። አክስቴ ይህን ሥራ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። አናጢው የታችኛውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ብቻ ቀብቶ ሊያነሣው ሲል «ድገመው እንጂ፤ ውሃው የሚመጣው በዚያ አይደለም?» አሉት። እርሱም ሳቀና ደገመው፤ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላም ተሰቀለ።